ከኤ2 ወደ ቢ1 በስድስት ወር፦ የጀርመንኛ ቃላትና ሰዋስው ዕለታዊ ልምምድ እንዴት ይዘጋጃል?

የጎተ ኢንስቲትዩት የቢ1 ፈተና አራት ክፍሎች አሉት። ማንበብ 65 ደቂቃ፣ ማዳመጥ 40 ደቂቃ፣ መጻፍ 60 ደቂቃ፣ መናገር ደግሞ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። እያንዳንዱ ክፍል ከ100 ይታረማል፣ ማለፊያው 60 ነው። ልብ በሉ፣ የሰዋስው ክፍል የሚባል የለም። "ክፍት ቦታውን በትክክለኛው የግስ ቅርጽ ሙሉ" የሚል ጥያቄ አይመጣም። ሰዋስዋችሁ የሚታየው ራሳችሁ በጻፋችሁትና በተናገራችሁት ውስጥ ነው።

እኔ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ለወራት ማታ ማታ ክፍት ቦታ ስሞላ ከረምኩ። መልሴን ሳመሳክር አብዛኛው ልክ ነበር። አንድ ቀን ሰዓት ይዤ ለጓደኛ የሚላክ ኢሜይል ልጻፍ ብዬ ቁጭ አልኩ። በ20 ደቂቃ የወጣልኝ አራት መስመር ብቻ ነበር። ሕጉን አውቀዋለሁ፣ ቃሉንም አውቀዋለሁ፣ ሁለቱ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር የተገነባው ይህን ለማስተካከል ነው። ቃሉም ሕጉም በየቀኑ በእጃችሁ በተጻፈ ዓረፍተ ነገር ላይ ይገናኛሉ።

የምወስደው ምሳሌ ኤ2ን ጨርሶ በስድስት ወር ቢ1 የሚፈተንን ሰው ነው። በቀን ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ አለው እንበል። የጀርመንኛውን ቃል እዚህ ለንባብ እንዲመች በፊደላችን እጽፈዋለሁ። እናንተ ግን በቃል ማጥኛ ካርዳችሁ ላይ በራሱ በጀርመንኛ ፊደል ጻፉት፣ አጻጻፉም ይፈተናልና።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ የት እንዳላችሁ መለካት

ኢንስቲትዩቱ ለቢ1 ያወጣው የቃላት ዝርዝር በፒዲኤፍ በነፃ ይገኛል። 2400 ያህል ቃላት አሉት። ሁሉንም ማለፍ አያስፈልግም። በየ24 ቃሉ አንዱን ምልክት አድርጉ፣ 100 ቃል ይወጣላችኋል። ወረቀት ይዛችሁ በእነዚህ 100 ቃላት ራሳችሁን ፈትኑ።

እዚህ ላይ ለራሳችሁ አትራሩ። ስም ከሆነ ከነአርቲክሉ፣ ዴር፣ ዲ ወይም ዳስ መሆኑን ሳታመነቱ ማለት አለባችሁ። ግስ ከሆነ ያለፈ ጊዜውን ጨምሩ። ከዚያ በአሥር ሰከንድ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት። "አይቼዋለሁ፣ ትርጉሙ ሊመጣልኝ ነው" የሚባለው ቃል እንደማይታወቅ ይቆጠራል።

52 አወቃችሁ እንበል። ይህ ማለት ከ2400ው 1250 ያህሉ አላችሁ፣ 1150 ይቀራችኋል ማለት ነው። ስድስት ወር 26 ሳምንት ነው። የመጀመሪያው ለመለካት ይሄዳል፣ የመጨረሻዎቹ አምስት ለሙከራ ፈተና ይቀመጣሉ። ለአዲስ ቃል 20 ሳምንት ይቀራል። በሳምንት ስድስት ቀን ብትሠሩ 120 ቀን ነው። 1150ን ለ120 ስታካፍሉ በቀን ወደ 10 ቃል ይደርሳል። የዕለት ቁጥራችሁ ይህ ነው፣ ከምኞት ሳይሆን ከፈተናው ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ የመጣ።

ከ100ው ያወቃችሁት 25 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን በቀን 15 ወይም ከዚያ በላይ ቃል ይሆንባችኋል። ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ ይጠይቃል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወይ ሰዓቱን እጥፍ ማድረግ፣ ወይ መጀመሪያ ኤ2ን መፈተን ይሻላል።

በዚሁ ሳምንት አንድ ሌላ ሥራ አለ። ኢንስቲትዩቱ በነፃ ከሚያቀርበው የሞዴል ፈተና የመጻፍ ክፍሉን ብቻ አውጡና በ60 ደቂቃ ሥሩት። ሦስት ጽሑፍ ነው፦ ለጓደኛ ኢሜይል በ80 ቃል ያህል፣ በአንድ ጉዳይ ላይ አስተያየት እንዲሁ በ80 ቃል፣ እና መደበኛ አጭር ኢሜይል በ40 ቃል። ቋንቋውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ያርምላችሁ። ስሕተቱን በዓይነት በዓይነቱ ቁጠሩት። ለምሳሌ 21 ስሕተት ወጣ እንበል። ዘጠኙ የአርቲክል፣ ስድስቱ የመስተዋድድ፣ አራቱ የግስ ቦታ፣ ሁለቱ የአጻጻፍ ናቸው። የሰዋስው ቅደም ተከተላችሁን የሚወስነው ይህ ቆጠራ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፍ ሦስት ስላለ ብቻ ምዕራፍ ሦስትን አትጀምሩ።

ካርዱ

አሠራሩ ሁሉ የሚቆመው በካርዱ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ትንሽ ልቆይ።

ብዙ ሰው ካርድ ሲሠራ በአንድ በኩል ነጠላ የጀርመንኛ ቃል፣ በሌላ በኩል የአማርኛ ፍቺ ይጽፋል። "ቤቬርበን፣ ማመልከት"። ካርዱ ሲመጣ "ማመልከት" ይላል፣ ልክ ነው፣ ያልፋል። ፈተናው ላይ "ለሥራው አመለከትኩ" ብሎ መጻፍ ሲፈልግ ግን "ለ" የሚለውን ወደ "ፊውር" ይለውጠዋል። ጀርመንኛው ግን እንዲህ አይልም። ግሱ "ዚሽ" ይፈልጋል፣ "ኡም" ይፈልጋል፣ ከ"ኡም" በኋላ ደግሞ አኩዛቲቭ ይመጣል። አንዱንም ካርዱ አላስተማረውም።

ስለዚህ ካርዱን ገልብጡት፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገርም አድርጉት። ፊት ለፊቱ አማርኛ ይሁን፦ "ለሥራ ቦታው አመልክቻለሁ።" ጀርባው፦ "ኢሽ ሀበ ሚሽ ኡም ዲ ሽቴለ ቤቮርበን።" ይህ አንድ ካርድ አራት ነገር ይዟል። "ሚሽ" አለ፣ "ኡም" አለ፣ ሽቴለ "ዲ" መሆኗ አለ፣ ያለፈ ጊዜውም "ጌ" የሚባለውን መነሻ ሳይጨምር መምጣቱ አለ። ሰዋስውን ለብቻው አልሸመደዳችሁም፣ ከቃሉ ጋር ተያይዞ ገባ።

ሌላ ምሳሌ። "ውሳኔ" ዲ ኤንትሻይዱንግ ነው። "መወሰን አለብኝ" ለማለት ብዙዎቻችን "ማድረግ" የሚለውን ግስ እንወስዳለን። ጀርመንኛው ግን ከውሳኔ ጋር "ትሬፈን" ይጠቀማል፣ በሌላ ቦታ "መገናኘት" የሚል ፍቺ ያለውን ግስ። ስለዚህ ካርዱ "ኢሽ ሙስ አይነ ኤንትሻይዱንግ ትሬፈን" ይሆናል። በነገራችን ላይ ግስ ላይ "ኡንግ" ተጨምሮ የሚወለዱ ስሞች ሁሉ "ዲ" ናቸው። የአርቲክል ሸክም ትንሽ የሚቀልበት ቦታ እዚህ ነው።

መስተዋድድ ላይ አማርኛችን የሚያሳስተን ሌላም መንገድ አለ። "አውቶቡሱን እየጠበቅኩ ነው" ስንል "ን" ብቻ ይበቃናል። ጀርመንኛው "ኢሽ ቫርተ አውፍ ዴን ቡስ" ይላል። "አውፍ" ከተረሳ ዓረፍተ ነገሩ ተሰበረ። እንዲህ ያለውን ግስ ከነመስተዋድዱ እንደ አንድ ቃል ቁጠሩት፣ ለያይታችሁ አትያዙት።

ካርዱን በወረቀት ወይም አንኪ በሚባለው የካርድ መተግበሪያ መሥራት ይቻላል። አንኪ ሲጫን በቀን 20 አዲስ ካርድ እንዲያሳይ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። New cards/day የሚለውን 10 አድርጉት። በወረቀት ከሆነ ባለ አምስት ክፍል ሳጥን ያዙ። የመጀመሪያው ክፍል በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየ2 ቀኑ፣ ከዚያ በየ4፣ በየ8፣ በየ16 ቀኑ ይታያል። ያወቃችሁት ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፣ የጠፋባችሁ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

አንድ ቀን ምን ይመስላል?

ጠዋት 15 ደቂቃ ክለሳ። በቀን 10 አዲስ ካርድ ስትጨምሩ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ የቀኑ ክለሳ ከ70 እስከ 100 ካርድ ይደርሳል። አንዱን በአሥር ሰከንድ ብታዩ 15 ደቂቃ አካባቢ ነው። መልሱን አፍ አውጥታችሁ በሉት። በልብ የተባለ መልስ አርቲክሉን ዋጥ አድርጎ ያልፋል፣ በድምፅ የተባለ ግን ያጋልጣል።

ቀን ላይ 20 ደቂቃ አዲስ ቃላት። ከዝርዝሩ አሥሩን ምረጡ፣ መዝገበ ቃላት ላይ ዓረፍተ ነገር ፈልጉላቸው፣ ካርዱን ጻፉ። በፊደል ተራ አትሂዱ። በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ያሉትን ሰብስቡ፣ ሥራ ከሆነ ሥራ፣ ጤና ከሆነ ጤና፣ ማታ ልትጽፉባቸው ነውና። ካርዱን ሌላ ሰው የሠራውን ከምታወርዱ ራሳችሁ ብትሠሩት ይሻላል። ቃሉ ግማሽ የሚያዘው ዓረፍተ ነገር ስትፈልጉለት ነው።

ማታ 30 ደቂቃ ሰዋስውና ጽሑፍ። የመጀመሪያው 15 ደቂቃ የሳምንቱ ርዕስ ነው፣ ቀሪው በቀኑ ቃላት ስድስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ። የሳምንቱ ርዕስ "ቫይል"፣ ማለትም "ምክንያቱም"፣ ነው እንበል። ቀን ላይ የሠራችሁትን ካርድ ታነሡና ታስረዝሙታላችሁ፦ "ኢሽ ሀበ ሚሽ ኡም ዲ ሽቴለ ቤቮርበን፣ ቫይል ኢሽ አይነ ኖየ አርባይት ዙኸ።" አዲስ ሥራ ስለምፈልግ ለሥራ ቦታው አመልክቻለሁ።

ከ"ቫይል" በኋላ ግሱ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ብዙ የቋንቋው ተማሪ እዚህ ጋ ይቸገራል። እኛ ግን በአማርኛ ሁልጊዜ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የምናመጣው፣ ስለዚህ ይህ ለእኛ ቅርብ ነው። እኛን የሚጥለን ዋናው ዓረፍተ ነገር ነው። እዚያ ግሱ ሁለተኛ ቦታ ላይ መቆም አለበት። "ዛሬ እኔ እሄዳለሁ" ከሚለው አስተሳሰብ ተነሥተን "ሆይተ ኢሽ ጌሄ" ብለን እንጽፋለን። ትክክሉ "ሆይተ ጌሄ ኢሽ" ነው። ስሕተታችሁን ስትቆጥሩ በጊዜ ቃል የሚጀምሩ ዓረፍተ ነገሮችን ለይታችሁ እዩ፣ የግስ ቦታ ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው የሚበዛው።

የሰዋስው ሳምንት

በሳምንት አንድ ርዕስ ይበቃል። ሰኞ አንድ ገጽ ሕግ አንብቡና ሦስት ምሳሌ በእጅ ገልብጡ። ማክሰኞና ረቡዕ የመጽሐፉን መልመጃ ሥሩ፣ በቀን 15 ጥያቄ ያህል። ክፍት ቦታ መሙላት ጥቅም የለውም አላልኩም፣ ሁለት ቀን ይበቃዋል ነው የምለው። ሐሙስና ዓርብ መጽሐፉን ዝጉና የራሳችሁን ጻፉ። ቅዳሜ ስምንት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ያለ ማስታወሻ ወደ ጀርመንኛ መልሱ። ዓረፍተ ነገሮቹን ሰኞ ዕለት አዘጋጅታችሁ አስቀምጧቸው፣ ቅዳሜ ስታዘጋጁ የሚቀላችሁን ትመርጣላችሁ። ከስምንቱ ስድስቱ ልክ ከሆኑ ርዕሱ አለፈ። ካልሆኑ ቀን ይጻፍበትና ይቆይ።

በየአራተኛው ሳምንት አዲስ ርዕስ አይጀመርም። ያላለፉት ተመልሰው ይሠራሉ። በ20 ሳምንት ውስጥ 15 አዲስ ርዕስ ይሠራል ማለት ነው። ለቢ1 ይህ ይበቃል፦ ያለፈ ጊዜ ሁለቱም ዓይነት፣ "ቫይል"ና "ኦብቮል"፣ "የሚ" እያልን የምንገልጸው አንጻራዊ ሐረግ፣ "ብሆን ኖሮ" የሚለው ኮንዩንክቲቭ፣ ፓሲቭ፣ "ኡም ጹ"፣ መስተዋድድ የሚፈልጉ ግሶችና የመሳሰሉት። የቅጽል መድረሻ ሠንጠረዥ ከባድ ነው። መጀመሪያ ላይ አትውሰዱት። የአርቲክሉ አኩዛቲቭና ዳቲቭ ሳይጠና እሱን መሸምደድ ጊዜ ይበላል፣ አርቲክሉ ከያዘ በኋላ ግን ግማሹ በራሱ ይገባል።

እሑድ፦ አራሚ በሌለበት

እሑድ አዲስ ቃል የለም። ክለሳውን ጨርሱና አንድ ጽሑፍ ላይ ተቀመጡ።

ብዙ ሰው የሚያርምለት የለውም። መውጫው ይህ ነው። ከሞዴል ፈተናው የማንበቢያ ጽሑፍ 80 ቃል የሚሆን አንቀጽ ምረጡ። ወደ ጥሩ አማርኛ መልሱትና ጀርመንኛውን ደብቁት። በሚቀጥለው እሑድ አማርኛውን ብቻ ይዛችሁ በ20 ደቂቃ ወደ ጀርመንኛ መልሱት። ከዚያ ከዋናው ጋር ቃል በቃል አስተያዩት። የተለየው ሁሉ ስሕተት ላይሆን ይችላል። አርቲክል፣ መስተዋድድና የግስ ቦታ ላይ የተለየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው። ቀይ አድርጉትና የስሕተት ደብተር ላይ በዓይነቱ መዝግቡ። አንድ ዓይነት ስሕተት በሦስት ተከታታይ እሑድ ከተመለሰ፣ ተራው ባይደርስም የሚቀጥለው ሳምንት ርዕስ እሱ ነው።

ሲበላሽ እንዴት ይታወቃል?

ከሁሉ በፊት የምትከታተሉት ቁጥር በክለሳ ላይ ስንቱን እንዳስታወሳችሁ ነው። ለአንድ ሳምንት ሙሉ ከ100 ካርድ ከ80 በታች እያወቃችሁ ከሆነ አዲሱን ቃል ከ10 ወደ 5 አውርዱ። ሳትወርዱ ከቀጠላችሁ ክለሳው ያብጣል፣ ጠዋት 40 ደቂቃ ይወስዳል፣ ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ትተዉታላችሁ። አብዛኛው ሰው የሚቆመው በዚህ መንገድ ነው።

በተቃራኒው ሁሉንም እያወቃችሁ ንባብ ላይ ያው ቃል እንግዳ ከሆነባችሁ፣ ያወቃችሁት ካርዱን እንጂ ቃሉን አይደለም። የአማርኛውን የመጀመሪያ ቃል ስታዩ መልሱ በልማድ ይመጣል። ዓረፍተ ነገሩን ቀይሩት። ስምንት ጊዜ የወደቀ ካርድንም እንዲሁ። አንኪ ራሱ ስምንት ጊዜ የተረሳን ካርድ ምልክት ያደርግበታል፣ እንደ ቅንብሩም ሊያግደው ይችላል። በያንኑ ካርድ አትቀጥሉ፣ በሌላ ዓረፍተ ነገር አዲስ ሥሩለት።

ታመማችሁ ወይም ሥራ በዝቶ አራት ቀን አለፈ እንበል። ከ300 በላይ ውዝፍ ካርድ ይጠብቃችኋል። በአንድ ቁጭታ ለመጨረስ አትሞክሩ። New cards/day የሚለውን ዜሮ አድርጉ፣ በየቀኑ 150 ካርድ እዩ፣ ባንድ ሳምንት ገደማ ይጠራል። ከዚያ ወደ 10 ተመለሱ። ስሌቱ ላይ ትንሽ ትርፍ አለ፦ 120 ቀን በ10 ሲባዛ 1200 ነው፣ የሚያስፈልጋችሁ 1150። ውዝፉን ያጠራችሁባቸውን ጨምሮ አዲስ ቃል ያልገባባቸው ቀኖች ከአምስት ከበለጡ ግን ስሌቱን እንደገና ሥሩ።

የመጨረሻዎቹ አምስት ሳምንታት

ከ22ኛው ሳምንት ጀምሮ ከዝርዝሩ አዲስ ቃል አይገባም። ክለሳው በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ የተረፈውን ጊዜ ለሙከራ ፈተና ስጡት። በሳምንት አንድ ሙሉ ፈተና፣ ሰዓት ተይዞ። የሞዴል ፈተና ስብስባችሁን ቀድማችሁ አታባክኑ፣ ለዚህ ጊዜ አስቀምጡት። ከሙከራው ያልገባችሁን ቃል ብቻ ወደ ካርድ አምጡ፣ በቀን ከአምስት አይብለጥ።

የመጻፊያውን 60 ደቂቃ እንዲህ ብታካፍሉት ይመቻል፦ ለመጀመሪያው ኢሜይል 20፣ ለአስተያየቱ 25፣ ለመደበኛው ኢሜይል 15። ከእያንዳንዱ መጨረሻ ሦስት ደቂቃ ለማረም ይቆረጥ። ስታርሙ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትፈልጉ። አንድ ጊዜ ግሶቹን ብቻ እያያችሁ እለፉ፣ ቦታቸው ልክ ነው? ሁለተኛ ጊዜ ከመስተዋድድ በኋላ ያሉትን አርቲክሎች ብቻ። ሦስተኛውን ደግሞ በስሕተት ደብተራችሁ አንደኛ ለሆነው ስጡት።

መናገሪያው ላይም ያው ካርድ ይሠራል። አሥር ካርድ በዘፈቀደ አውጡ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ለሦስት ደቂቃ ስትናገሩ ቢያንስ አምስቱን አስገቡ። ድምፃችሁን ቅዱና አንድ ጊዜ አዳምጡት። "ሆይተ ኢሽ" ካላችሁ ትሰሙታላችሁ።

ከፈተናው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ሙከራ አትሥሩ። ጠዋት ክለሳ፣ ማታ የስሕተት ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማንበብ ብቻ። በመጀመሪያው ሳምንት የጻፋችሁትን ኢሜይልም አውጡና በቀይ እስክሪብቶ ራሳችሁ እረሙት። አራሚው ያኔ ያገኛቸውን 21 ስሕተቶች ራሳችሁ ካገኛችሁ፣ ፈተናው ክፍል ውስጥም ለማረሚያ በተተወችው ሦስት ደቂቃ ታገኟቸዋላችሁ።